«ወይዘሮ ፀሐይ ማናት?» እንዳትባሉ

ባለፈው ወር አንድ የሱቅ ኪራይ ውል ጽፌ በቴሌግራም ላክሁ። ሱቁ አዘዞ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደንበኛዬ ደወለ፦ «ወንድሜ፣ ወይዘሮ ፀሐይ ማናት?» አፈርሁ። የድሮ ደንበኛዬ ናት፣ ውሉን የሠራሁት የእሷን ፋይል ገልብጬ ነበር። የመላኪያ ቼክሊስቴን የጀመርሁት ያን ቀን ነው።

ምልክቱ ይሄ ነው፤ የማይመለከተው ሰው ስም ውሉ ውስጥ ተረስቶ ይገኛል። ግን እኮ በ`Ctrl+H` ተክቼ ነበር። ምክንያቱ ፊደላችን ነው። ለእኛ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ አንዱን ስትተኩ ሌላው እዚያው ይቀራል። መፍትሄው ስሙን መፈለግ ሳይሆን ማዕረጉን መፈለግ ነው። በ`Ctrl+F` «አቶ»ን፣ ከዚያ «ወይዘሮ»ን፣ ከዚያ «ወ/ሮ»ን ፈልጉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቆማችሁ ስሙን ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። በቼክሊስቴ ላይ የጻፍሁትም «ስሞቹን አይ» አይደለም፣ እንዲያ ብጽፍ ሳላይ ምልክት አድርጌ አልፈዋለሁ። «አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወ/ሮ ፈልግ፤ መታወቂያ በእጅ» ነው የሚለው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። እዚያው ውል ላይ ኪራዩ በአኃዝ 8,500፣ በፊደል ደግሞ «ስምንት ሺህ ብር» ሆኖ ተገኘ። ተዋዋዮቹ መጨረሻ ላይ ሲከራከሩ 500 ጨመሩ፣ እኔም አኃዟን ብቻ ነካሁ። የባሰው ደግሞ የ6 ወር ቅድሚያ ክፍያው 48,000 እንዳለ ቀርቷል፣ 51,000 መሆን ሲገባው። ነገ ቢጣሉ አከራዩ አንዱን፣ ተከራዩ ሌላውን ይዞ ነው ፍርድ ቤት የሚቆመው። እና «ብር» የሚለውን ፈልጉ፣ የተገኘውን ሁሉ ወረቀት ላይ አውጡ፣ ድምሩን በስልካችሁ ካልኩሌተር እንደገና ሥሩት።

ቀኑም ያታልላል። «ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5» የሚል አሮጌ ውል ገልብጣችሁ ለ2019 ዓ.ም. ብትጠቀሙበት አንድ ቀን ውል አልባ ይቀራል። በ2019 ጳጉሜን 6 ናት። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ 3 ከተረፈ 6 ቀን ነው፣ ካልሆነ 5።

ሌላ ደግሞ አለ፦ ላኪው ጋ ያማረው ሰነድ ተቀባዩ ጋ ሲከፈት የፊርማው ቦታ ብቻውን ሌላ ገጽ ላይ ይወድቃል። ፊርማ ብቻ ያለበት ገጽ ደግሞ ከየትኛውም ውል ጋር ሊያያዝ ይችላል። ተቀባዩ ጋ የእናንተ ፎንት ስለሌለ ነው። በ`PDF` ላኩ፣ ከመላካችሁ በፊት ግን በራሳችሁ ስልክ ክፈቱትና የመጨረሻውን ገጽ እዩ።