የድሬን ሕዝብ ቁጥር ስትለጥፉ

የ1999ኙ ቆጠራ ለድሬዳዋ 341,834 ሰው ይላል። ይህ ግን አስተዳደሩ ከነገጠር ቀበሌዎቹ ነው፤ ከተማዋ ብቻዋን 233,224 ነበረች። አንዱን ከአንድ ቦታ፣ ሌላውን ከሌላ ቦታ ለቅሞ «ድሬ በዚህን ያህል አደገች» የሚል ሰው 108,610 የገጠር ነዋሪ በአንድ መስመር ከተማ አስገባ ማለት ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን «ከተማ» ወይም «አስተዳደር» በሉ። ዓመቱንም «1999 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ 2007» ብላችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሚወስደው አይጠፋም። ከዚያ ቆጠራ በኋላ የሚወጡት አብዛኞቹ ቁጥሮች ትንበያ ናቸውና «ትንበያ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ምንጩን «ስታቲስቲክስ እንደገለጸው» ብሎ ማለፍም፣ እውነት ለመናገር፣ ምንም አለማለት ነው። የሪፖርቱን ርዕስና የሰንጠረዡን ቁጥር ስጡ፣ ከተቻለም የገጹን ፎቶ ከነርዕሱ አያይዙ።