48 ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ

የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅና የወልድያ ገበያን የ12 ወር የጤፍ ዋጋ በሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። 48 ቁጥር ነው። ስብሰባ ላይ ኃላፊዬ ወረቀቱን አገላብጠው፣ “ታዲያ መግዛት ያለብን መቼ ነው?” አሉኝ። መልሱ እዚያው ነበር፤ ግን ማንም አላየውም።

መጀመሪያ በዓምድ ግራፍ ሞከርኩ። 48 ዓምድ ተደርድሮ የባሰ ዝብርቅርቅ አለ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ገበያ አንድ መስመር ሰጠሁ፣ ወራቱን ከኅዳር ጀምሬ። ወዲያው ታየ፦ አዝመራ ሲገባ ይወርዳል፣ ክረምት ላይ ይወጣል። አታሚያችን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሞቹ ተመሳሰሉ። የገበያዎቹን ስም መስመሮቹ ጫፍ ላይ ጻፍኩና ተገላገልኩ።

ሠንጠረዡን ግን አልጣልኩትም። ሒሳብ ሠራተኛዋ የአንድ ወር ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ትፈልጋለች፤ ከመስመር ላይ ያን ማንበብ አይቻልም። አባሪ አደረግኩላት።

የግዢውን ሂደትም በሠንጠረዥ አድርጌው ነበር። “አስተያየት” የሚለው ዓምድ ባዶ፣ ሌላው ረጅም ዓረፍተ ነገር። የሚነጻጸር ነገር የለውም፤ ተራ በተራ ነው የሚነበበው። ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጥቼ ዝርዝር አደረግኩት። በስልክም ሳይቆራረጥ ይነበባል።