ዲቴክተሩ ነው ያበላሸው ወይስ ፈተናው? በማሽን የተጻፈን አማርኛ መለያ ስንመዝን የሚገጥሙ ችግሮች

ጽሑፍ አይቶ «ይህ የሰው ነው፣ ይህ የማሽን ነው» የሚል ዲቴክተር ሲመጣ ሻጩ የሚነግረንን ቁጥር ብቻ ይዘን ሥራ ላይ ማዋል አደጋ አለው። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ እንኳ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ያወጣው መለያ፣ ድርጅቱ ራሱ በእንግሊዝኛ ሲፈትነው፣ ከማሽን ጽሑፎች መካከል የማሽን መሆናቸውን የለየው 26 በመቶውን ብቻ ነበር። ሰው ከጻፋቸው ውስጥ ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት የማሽን አድርጓቸዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከአገልግሎት ወጣ። በአማርኛ ምን ያህል እንደሚሠራ ማወቅ የፈለገ ሰው የራሱን የሙከራ ስብስብ ማዘጋጀት አለበት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአማርኛ ድርሰት ውድድር አለ እንበል። 500 ድርሰቶች ይመጣሉ። አዘጋጆቹ ዲቴክተሩን ለመመዘን 60 የሰው እና 60 የማሽን ናሙና ሰበሰቡ። ዲቴክተሩ ከማሽኖቹ 48ቱን ያዘ፤ ከሰዎቹ ደግሞ 6ቱን በሐሰት ከሰሰ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው፤ ስሌቱ ግን እውነተኛ ነው።

ሪኮል ማለት ከማሽን ጽሑፎች ውስጥ ስንቱ ተያዘ ነው፤ 48 ለ60፣ 80 በመቶ። ፕሪሲዥን ማለት «የማሽን ነው» ከተባሉት ውስጥ ስንቱ እውነት የማሽን ነበር ነው። የተከሰሱት በጠቅላላ 54 ናቸው፤ 48 ለ54፣ 89 በመቶ ገደማ። ሦስተኛ ቁጥርም ያስፈልገናል፦ ከሰዎቹ ስንቱ በሐሰት ተከሰሰ፤ 6 ለ60፣ 10 በመቶ። ይህችን ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማየው እሷን ነው።

ምልክት፦ ዲቴክተሩ ሁሉንም አገኘ

ውጤቱ 98 ወይም 100 በመቶ ከሆነ ደስ ከማለት በፊት ስብስቡን መጠርጠር ይሻላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለቱ ወገኖች ከአጻጻፍ ውጭ በሆነ ነገር መለያየታቸው ነው።

በአማርኛ ዋነኛው ተጠርጣሪ አራት ነጥብ ነው። ከሰዎች የሚሰበሰብ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት የተሠራ ፡፡ ይገኛል፤ አንዳንዱም የላቲኑን :: ይጠቀማል። ማሽኖች ግን በአብዛኛው ራሱን የቻለውን ። ይጽፋሉ። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። እንግዲህ ዲቴክተሩ ነጥብ ብቻ እያየ ሊሆን ይችላል። ርዝመትም እንዲሁ ነው፤ የሰዎቹ 150 ቃል፣ የማሽኖቹ 500 ቃል ከሆኑ ፈተናው የርዝመት ፈተና ሆነ ማለት ነው። ከማሽን ተገልብጠው የመጡ ኮከብ ምልክቶች፣ በቁጥር የተደረደሩ ንዑስ ርዕሶች፣ «ድርሰቱ እነሆ» የሚል መግቢያ ሳይጠፋ ቀርቶ ሊሆንም ይችላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሆን ብለህ አንድ ጅል ዲቴክተር ሥራ፤ «። ካለው የማሽን፣ ፡፡ ካለው የሰው» ብቻ የሚል። ይህ ጅል ከውዱ ዲቴክተር ጋር ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ስብስቡ መልሱን እያሾለከ ነው። በርዝመት ብቻ የሚፈርድ ሌላ ጅልም ሞክር።

መፍትሄው ሁለቱንም ወገን በአንድ ወንፊት ማሳለፍ ነው፦

```python
import re

def clean(t):
    t = t.replace("፡፡", "።").replace("::", "።")
    t = t.replace("**", "").replace("\u200b", "")
    return re.sub(r"[ \t]+", " ", t).strip()
```

ግን ልብ በል፤ በፈተናው ያጸዳኸውን በሥራ ላይም ማጽዳት አለብህ። አለዚያ የመዘንከው ሌላ፣ የምትጠቀምበት ሌላ ይሆናል። ሆሄያቱን ግን (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ) ባትነካ እመርጣለሁ። ሰዎች እነዚህን የሚያቀያይሩበት መንገድ የአጻጻፋቸው አካል ነው፤ ዲቴክተሩ እሱን ቢያይ ነውር የለውም።

ርዕስን ደግሞ ከምንጩ ማስተካከል ይሻላል። ለእያንዳንዱ የተማሪ ድርሰት በዚያው ርዕስ፣ በተቀራራቢ ርዝመት አንድ የማሽን ድርሰት አዘጋጅ። የሰዎቹ ከድሮ ጋዜጣ፣ የማሽኖቹ ስለ ቴክኖሎጂ ከሆኑ የምትለካው የርዕስ ልዩነት ነው።

ምልክት፦ በፈተናው ጥሩ ያዘ፣ በተግባር ግን ብዙ ያመልጠዋል

አብዛኛውን ጊዜ የማሽኑ ናሙና በሙሉ ከአንድ ሞዴል፣ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ የመጣ ነው። «ስለ አካባቢ ጥበቃ ድርሰት ጻፍ» ብለህ 60 ጊዜ ብትጠይቅ የምታገኘው አንድ ድርሰት በ60 ልብስ ነው። ተማሪ ግን እንዲህ አያደርግም። «የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እንደጻፈው አድርገህ» ይላል፤ ወይም በእንግሊዝኛ አስጽፎ ያስተረጉማል፤ ወይም መግቢያውን በራሱ ቃል ይለውጣል።

ስለዚህ 60ዎቹን በሦስት ቡድን ከፍለህ አዘጋጅ። 20ው እንዳለ የመጣ፣ 20ው «በተማሪ አጻጻፍ» ተብሎ የታዘዘ፣ 20ው ሰው ዳስሶ ያስተካከለው ይሁን። ቢያንስ ከሁለት ሦስት የተለያዩ ሞዴሎችም ይምጣ። ከዚያ ውጤቱን በቡድን ለይተህ አንብብ። በምሳሌያችን ከመጀመሪያዎቹ 20፣ ከሁለተኛዎቹ 18፣ ከሦስተኛዎቹ 10 ተያዙ እንበል። ድምሩ ያው 48 ነው። 80 በመቶ የሚለው ቁጥር ግን ጠቃሚውን ነገር ደበቀብን፦ ሰው ሲነካካው ዲቴክተሩ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። ተማሪዎችህ አብዛኛውን ጊዜ የሚነካኩ ከሆነ ትክክለኛው ሪኮልህ 50 በመቶ ነው፣ 80 አይደለም።

ምልክት፦ ፕሪሲዥኑ 89 በመቶ ነበር፣ ከተከሰሱት ግማሹ ግን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ

ይህ በጣም የሚያስደነግጠው ነው፤ ዲቴክተሩ ግን ምንም አልተበላሸም። ችግሩ በስብስቡ ውስጥ ሰውና ማሽን እኩል መሆናቸው ነው። በውድድሩ ግን እኩል አይደሉም።

ከ500ው ድርሰት 50ው የማሽን ነው እንበል፤ አሥር በመቶ። ዲቴክተሩ 80 በመቶውን ሲይዝ 40 ያገኛል። የቀሩት 450 ተማሪዎች ራሳቸው ጽፈዋል፤ ከእነሱ 10 በመቶው፣ ማለትም 45ቱ፣ በሐሰት ይከሰሳሉ። የተከሰሰው በጠቅላላ 85 ሆነ፤ እውነተኛው 40። ፕሪሲዥን 47 በመቶ። ከተከሰሱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ንጹሐን ናቸው።

መፍትሄው ፕሪሲዥንን ከስብስቡ በቀጥታ አለመውሰድ ነው። ከስብስቡ ሪኮልንና የሐሰት ክሱን መጠን ውሰድ፤ ፕሪሲዥንን ደግሞ በሜዳህ ባለው ድርሻ አስላ፦

```python
def precision(recall, fpr, share):
    tp = recall * share
    fp = fpr * (1 - share)
    return tp / (tp + fp)

print(round(precision(0.80, 0.10, 0.10), 2))   # 0.47
```

`fpr` የሐሰት ክሱ መጠን ነው፤ `share` ማለት ከሚመጡት ውስጥ የማሽን ይሆናል ብለህ የምትገምተው ድርሻ ነው። እርግጠኛ ካልሆንክ 0.05፣ 0.10 እና 0.30 አስገብተህ ሦስቱንም ለአዘጋጆቹ አሳያቸው። ሻጩ የሚነግርህ ፕሪሲዥን በ0.50 የተሠላ ሊሆን ይችላል፤ መጠየቅ አይከፋም።

የተከሰሱት ሰዎች እነማን እንደሆኑም ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት የእንግሊዝኛ ዲቴክተሮችን ሲፈትኑ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተፈታኞች የጻፏቸው የቶፍል ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ የማሽን ተብለው ተገኝተዋል። ቃላቸው ቀለል ያለ፣ አረፍተ ነገራቸው የተለመደ ስለሆነ ነው። በአማርኛም አፋቸውን በሌላ ቋንቋ የፈቱ ተማሪዎች በብዛት አሉ። በምሳሌያችን ከ60ዎቹ 12ቱ እንደዚያ ናቸው እንበል፤ ከተከሰሱት 6 ደግሞ 4ቱ ከእነሱ ናቸው። እንግዲህ ለእነሱ የሐሰት ክሱ 33 በመቶ፣ ለቀሩት 48 ደግሞ 4 በመቶ ገደማ ነው። 10 በመቶ የሚለው አማካይ ለማንም እውነት አልሆነም። ከ12 ሰው ላይ የተገኘ ቁጥር ጠንካራ አይደለም፤ ግን ከዚያ ወገን ተጨማሪ ናሙና እንድትፈልግ በቂ ምክንያት ነው።

ምልክት፦ በደገምነው ቁጥር ውጤቱ ይዘላል

ናሙናው አንሷል። ከ60 ሰው 6 መከሰሱ «10 በመቶ» ይመስላል፤ ከናሙና የተገኘ መቶኛ ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል በሚያሳየው የዊልሰን ቀመር ስታሰላው ግን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ5 እስከ 20 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። 5 ከሆነ በውድድሩ ፕሪሲዥኑ 64 በመቶ ገደማ ነው፤ 20 ከሆነ ወደ 31 ይወርዳል።

እዚህ ላይ የእኔ ምክር የሰውን ወገን ማብዛት ነው። የግድ እኩል መሆን የለባቸውም። አንድም ሰው በሐሰት ባይከሰስ እንኳ 3ን በናሙናው ቁጥር አካፍል፤ ያ የላይኛው ወሰንህ ነው። ከ60 ዜሮ ማለት «እስከ 5 በመቶ» ማለት ነው። ከ1 በመቶ በታች ነው ለማለት 300 የሰው ጽሑፍ ያለ አንድም ስህተት ማለፍ አለበት። የማሽኑ ወገን 60 ወይም 100 ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

ቁጥሩን ለማሳደግ አንድን ድርሰት በአንቀጽ መቆራረጥ ግን አይጠቅምም። የአንድ ሰው አሥር አንቀጽ አንድ ሰው ነው። የመወሰኛውን ነጥብም (ዲቴክተሩ የማሽን መሆኑን ከ70 በመቶ በላይ ሲገምት እንክሰስ ወይስ ከ90) በሌላ ትንሽ ስብስብ ምረጥ፤ በዚሁ ከመረጥክ ውጤቱ ለራስህ ያደላል።

ምልክት፦ «የሰው» ያልነው ራሱ አጠራጣሪ ሆነ

ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2022 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ፣ ቀኑ የሚረጋገጥ ጽሑፍ አስተማማኝ ነው። ግን ሁለት ወጥመድ አለ። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድረ ገጽ ላይ ያለ አማርኛ በማሽን የተተረጎመ ሊሆን ይችላል። በጣም የታወቀ ጽሑፍም አይሆንም፤ ሞዴሎቹ ሲሠለጥኑ ስላዩት ዲቴክተሩ «የተለመደ ነው» ብሎ የማሽን ሊያደርገው ይችላል። በእንግሊዝኛ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሳይቀር እንዲህ ተከስሷል። የሚሻለው ያልታተመ ነው፦ የድሮ የተማሪ ደብተር፣ ያለፉ ዓመታት የውድድር ድርሰት፣ በባለቤቱ ፈቃድ። አለዚያ ተማሪዎቹን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በእጅ ማስጻፍና ከነስህተቱ መተየብ።

ተማሪው ጽፎት ማሽን ፊደል ብቻ ያረመለትስ? እሱን ከሁለቱም ወገን አታስገባው። ሦስተኛ ሳጥን ከፍተህ ለብቻው ፈትነው፤ ውድድሩ ይህን ይፈቅዳል ወይስ ይከለክላል የሚለውን አዘጋጆቹ ሲወስኑ ያኔ ወደ አንዱ ወገን ትመልሰዋለህ።