ታህቱ ላይ −7 ከመጣ፦ ኮምፕሌክስ ቁጥር ስናካፍል የምንሳሳታቸው ምልክቶች

ይህን ጥያቄ እንያዝ፦

```
(5 − 2i) / (3 − 4i)
```

መንገዱ የታወቀ ነው። ላዕሉንም ታህቱንም በታህቱ ኮንጁጌት፣ ማለትም በ3 + 4i እናባዛለን። ትክክለኛው መልስ 23/25 + (14/25)i ነው። የእናንተ ወረቀት ላይ ሌላ ነገር ከወጣ፣ ስህተቱ የት እንዳለ ብዙ ጊዜ ከመልሱ መልክ ይታወቃል።

ታህቱ −7 ሆነ

(3 − 4i)(3 + 4i) ሲባዛ መሃል ላይ ያሉት +12i እና −12i ይጣፋሉ። የሚቀረው 9 − 16i² ነው። እናንተ ግን i² የሚለውን ረስታችሁ 9 − 16 ብላችኋል። (a − b)(a + b) ሁልጊዜ a² − b² ስለሆነ እጅ ለምዶታል፣ ሳያስብ ይጽፈዋል። i² = −1 ስለሆነ −16i² ማለት +16 ነው። ስለዚህ ታህቱን በቀጥታ 3² + 4² = 25 ብላችሁ ደምሩ።

ታህቱ ውስጥ i አለ

−7 − 24i ካገኛችሁ ታህቱን በራሱ አባዝታችኋል። የ4iን ምልክት ገልብጡና እንደገና ጀምሩ።

ታህቱ −25 ሆነ

ይሄኛው ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም። የ4iን ትታችሁ የ3ን ምልክት ገልብጣችኋል፤ ማለትም በ−3 − 4i አባዝታችኋል። እንደ 2i − 1 ያለ፣ i የቀደመበት ቁጥር ሲመጣ በብዛት ይከሰታል። ላዕሉንም በዚያው ቁጥር ካባዛችሁ −23 − 14i ይሆናል። በ−25 ሲካፈል መልሱ ያው ነው። ችግር የሚመጣው ታህቱን በአንዱ፣ ላዕሉን በሌላው ካባዛችሁ ብቻ ነው።

ታህቱ 25 ነው፣ መልሱ ግን አልገጠመም

በጣም የሚያደክመው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ታህቱ ልክ ስለሆነ ሁሉም ልክ ይመስላል። ላዕሉን በአራት ቁራጭ ጻፉት፦

```
15 + 20i − 6i − 8i²
```

ላዕሉ 7 + 14i ከወጣ መጨረሻ ላይ ያለውን −8i² እንደ −8 ቆጥራችሁታል። እሱ +8 ነው፤ 15 + 8 = 23። 7 + 26i ከወጣ ደግሞ የላዕሉንም ምልክት ገልብጣችሁ 5 + 2i አድርጋችሁታል። ላዕሉ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚገለበጠው ማባዣው ውስጥ ብቻ ነው።

ከተጠራጠራችሁ መልሱን በ3 − 4i መልሳችሁ አባዙ። (23 + 14i)(3 − 4i) = 125 − 50i ነው። ይህ ለ25 ሲካፈል 5 − 2i ይሰጣል። 7 + 14iን በዚሁ መንገድ ብትፈትኑት 77 + 14i ይወጣል፤ 77 ደግሞ ለ25 እንኳ አይካፈልም።