አንድ ቦታ፣ ሁለት ማሽን፦ ስንመርጥ የምንሳሳታቸው ስሌቶች

የአክስቴ ልጅ ዳቦ ቤት አላት። የመጋገሪያ ማሽኗ አርጅቷል። ቤቱ የሚችለው አንድ ማሽን ብቻ ስለሆነ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባት። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ ጭቅጭቁ ግን እንዳለ ነው።

ትንሹ ማሽን 1 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። ለሰፈሩ ሰው ብቻ እየሸጠች በዓመት 500,000 ብር ታስገባለች፣ ለ4 ዓመት። ትልቁ 3 ሚሊዮን ነው። እሱ ከተገዛ ለሆቴሎችና ለትምህርት ቤቶች ማቅረብ ትጀምራለች። ደንበኛ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ገቢው በመጀመሪያው ዓመት 800,000፣ በሁለተኛው 1.2 ሚሊዮን፣ በሦስተኛው 1.8 ሚሊዮን፣ በአራተኛው 2 ሚሊዮን ነው። ገቢ ስል ዱቄት፣ መብራት፣ ደሞዝና ግብር ተከፍሎ እጅ ላይ የሚቀረውን ብር ማለቴ ነው። ከ4 ዓመት በኋላ ሁለቱም ማሽኖች የሚሸጡበት ዋጋ የላቸውም ብለን ያዝን።

"ቶሎ የሚመልሰው ይሻላል" ማለት

ባሏ መጀመሪያ ያነሳው ይሄን ነው። ትንሹ ማሽን ዋጋውን በ2 ዓመት ይመልሳል። ትልቁ በሁለት ዓመት 2 ሚሊዮን ብቻ ስለሚመልስ፣ ቀሪውን ለማምጣት ከሦስተኛው ዓመት ሰባት ወር ገደማ ይፈልጋል። "በቃ፣ ትንሹ ነው" አለ።

የመመለሻ ጊዜ፣ ብዙዎች ፔይባክ የሚሉት፣ የሚነግረን ገንዘባችን መቼ ከአደጋ እንደሚወጣ ነው። ይሄ ከንቱ ነገር አይደለም። የኪራይ ውሉ ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ከባሏ ጋር እስማማ ነበር። ችግሩ ዋጋው ከተመለሰ በኋላ ያለውን አለማየቱ ነው። ትልቁ ማሽን በአራተኛው ዓመት የሚያመጣው 2 ሚሊዮን በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ዜሮ ቢሆንም መልሱ ያው 2 ዓመት ከሰባት ወር ነው።

ሌላው ጉድለቱ የዛሬን ብርና የከርሞን ብር እኩል መቁጠሩ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ስሌት ሠራን፤ የተጣራ የአሁን ዋጋ ወይም ኤንፒቪ። የአክስቴ ልጅ ገንዘቧን ተመሳሳይ ስጋት ያለው ሌላ ሥራ ላይ ብታውለው በዓመት 20 በመቶ ታገኛለች ብለን ገመትን። ይሄ ዲስካውንት ሬት ነው። የአንደኛውን ዓመት ገቢ ለ1.2፣ የሁለተኛውን ለ1.44፣ የሦስተኛውን ለ1.728፣ የአራተኛውን ለ2.0736 አካፈልን። ከደመርን በኋላ የማሽኑን ዋጋ ቀነስን። ለትንሹ 294,367 ብር ቀረ። ለትልቁ 506,173 ብር።

በመቶኛ ማወዳደር

እዚህ ላይ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ወዳጃቸው ገባ። እሱ የሚያምነው አይአርአርን ነው። አይአርአር ኤንፒቪን ልክ ዜሮ የሚያደርገው የዲስካውንት ሬት ነው። ለትንሹ ማሽን 34.9 በመቶ ይወጣል፣ ለትልቁ 27.4 በመቶ። "34.9 ከ27.4 ይበልጣል፤ ምን ያከራክራል?" አለ።

የሚያከራክረው መቶኛው የስንት ብር መቶኛ እንደሆነ አለመታየቱ ነው። አስር ብር አበድሬ በዓመቱ አስራ አምስት ብቀበል ትርፌ 50 በመቶ ነው፤ ግን አምስት ብር ነው። ትንሹ ማሽን 34.9 በመቶ የሚያተርፈው በ1 ሚሊዮን ላይ ነው። ሁለቱ ማሽኖች እኩል የሚወዳደሩት ትንሹ ሲመረጥ የሚተርፈው 2 ሚሊዮን ምን እንደሚሠራበት ስንጠይቅ ብቻ ነው። ያ ብር 34.9 በመቶ የሚያመጣ ሌላ ቦታ ካለው ወዳጃችን ልክ ነው። የለውም። 20 በመቶ ነው የሚያመጣው፤ ቅድም ተስማምተናል።

ይሄን በአይአርአርም ማሳየት ይቻላል፤ ልዩነቱን እንደ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት መውሰድ ነው። ከትልቁ ላይ ትንሹን ዓመት በዓመት ቀንሱ። ዛሬ ተጨማሪ 2 ሚሊዮን ይወጣል። በምላሹ 300,000፣ ከዚያ 700,000፣ ከዚያ 1.3 ሚሊዮን፣ በመጨረሻ 1.5 ሚሊዮን ተጨማሪ ይገባል። የዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አይአርአር 24.3 በመቶ ነው። ከ20 ስለሚበልጥ ተጨማሪውን 2 ሚሊዮን ማውጣት ያዋጣል።

24.3 ሌላም ነገር ይናገራል። ሁለቱ ማሽኖች ቦታ የሚቀያየሩበት ነጥብ ነው። ዲስካውንት ሬቱን 25 በመቶ ብታደርጉት ኤንፒቪም ራሱ ትንሹን ይመርጣል፤ የትልቁ ገንዘብ ዘግይቶ ስለሚመጣ በትልቅ ሬት ይጎዳል። ስለዚህ መከራከር ያለብን "20 ነው ወይስ 25?" በሚለው ነበር። እኛ ግን አንድ ሙሉ ከሰዓት የፈጀነው 34.9 እና 27.4 ላይ ነው።

ማሽኖቹ ተፎካካሪ ባይሆኑና ቦታውም ገንዘቡም ለሁለቱም ቢበቃ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም። ሁለቱም ከ20 በመቶ በላይ ስለሆኑ ሁለቱም ይገዙ ነበር።

ወለድን ሁለት ጊዜ መክፈል

ተጨማሪውን 2 ሚሊዮን ከባንክ በ18 በመቶ ልትበደር ነበር ያሰበችው። ሒሳብ የሚሠራላት ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ወለድ 360,000 ብር ከትልቁ ማሽን ገቢ ላይ ቀንሶ፣ የቀረውን መልሶ በ20 በመቶ ዲስካውንት አደረገው። ትልቁ ማሽን ወዲያው ወደቀ።

20 በመቶው ግን የገንዘቡ ዋጋ ነው። ወለዱ እዚያ ውስጥ አለ። ከገቢው ላይ እንደገና ከተቀነሰ ማሽኑ ለአንድ ብድር ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በኤንፒቪ ስሌት ወለድም የብድር ዋና ገንዘብም ከገቢው አይቀነስም። የእርጅና ተቀናሽም እንዲሁ፤ ከኪስ የሚወጣ ብር አይደለምና። እሱ የሚያስፈልገው ግብሩን በማስላት ላይ ብቻ ነው።

ብድሩን በየወሩ መክፈል ትችላለች ወይ የሚለው እርግጥ ትልቅ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ትልቁ ከትንሹ የሚበልጠው በ300,000 ብቻ ነው፤ ወለዱ 360,000። ግን እሱን በሌላ ወረቀት ላይ መሥራት ነው፤ የወር ገቢና የወር ክፍያ ጎን ለጎን።

የዛሬን የዳቦ ዋጋ ከባንክ ወለድ ጋር መቀላቀል

እኛ አገር በጣም የሚያሳስተው ይሄ ይመስለኛል። ሰው የአራተኛውን ዓመት ገቢ ሲገምት የሚያስበው በዛሬ የዳቦ ዋጋና በዛሬ የዱቄት ዋጋ ነው። ዲስካውንት ሬቱን የሚያመጣው ግን ከባንክ ወለድ ተነስቶ ነው። የባንክ ወለድ ደግሞ አበዳሪው የሚጠብቀውን የዋጋ ንረት በውስጡ ይዟል። አንዱ በዛሬ ብር፣ ሌላው በከርሞ ብር።

ከላይ ያሉት ገቢዎች ንረትን ያካተቱ ናቸው። ባያካትቱስ? ንረቱ በዓመት 12 በመቶ ነው እንበል። የትንሹ ማሽን 500,000 በዛሬ ዋጋ ከሆነ በአራተኛው ዓመት እጅ ላይ የሚገባው ብር 786,760 ነው። በ20 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመጣ 379,417 ይሆናል። ንረቱን የረሳ ሰው ግን 500,000ን ቀጥታ አካፍሎ 241,127 ይጽፋል፤ ወደ 138,000 ብር ጠፋ ማለት ነው። በትልቁ ማሽን ላይ ደግሞ ያው የአራተኛው ዓመት ብቻ 553,000 ብር ይጠፋል። ስህተቱ ሁለቱን እኩል አይጎዳም። ገንዘቡ ዘግይቶ የሚመጣው የበለጠ ይቀጣል።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ገቢውን በየዓመቱ በንረቱ አሳድጎ በ20 በመቶ ማካፈል፣ ወይ ገቢውን በዛሬ ዋጋ ትቶ ሬቱን ከንረት ማጽዳት። ለማጽዳት 1.20ን ለ1.12 ማካፈል ነው፤ 1.0714 ይወጣል፣ ማለትም 7.14 በመቶ። ብዙ ሰው 20 ሲቀነስ 12 ብሎ 8 ይላል። ንረቱ ትንሽ ሲሆን ይቀራረባል፤ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዳየነው ከ30 በመቶ ሲያልፍ ግን አያዋጣም። እኔ የመጀመሪያውን መንገድ ነው የምመርጠው። ዱቄት በ20 በመቶ ሲጨምር ዳቦ በ10 ብቻ ሊጨምር ይችላል፤ ይሄን ማየት የሚቻለው እያንዳንዱን ዋጋ ለየብቻ ስናሳድግ ነው።

የኤክሴል ወጥመድ

ይሄ አጭር ነው። `NPV` የሚባለው ቀመር የመጀመሪያውን ቁጥር ዛሬ ሳይሆን ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚሆን አድርጎ ይቆጥራል። የማሽኑ ዋጋ በ`B2` ላይ በኔጌቲቭ ካለ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

```
=B2+NPV(20%,B3:B6)
```

`=NPV(20%,B2:B6)` ብላችሁ ከጻፋችሁ ለትልቁ ማሽን 421,811 ይመጣል፤ ትክክለኛው 506,173 ለ1.2 ተካፍሎ ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ስህተት ከሠራችኋቸው ደረጃቸው አይለወጥም። አንዱን አንድ ሰው፣ ሌላውን ሌላ ሰው ሲሠራው ነው ጉዱ። `IRR` ግን ከ`B2` ጀምሮ ሁሉንም ይወስዳል።

የትኛው ግምት ላይ እንደቆመ አለመፈተሽ

506,173 ብር ስትሉት እስከ መጨረሻዋ ብር የታወቀ ይመስላል። የቆመው ግን ሆቴሎቹ በሦስተኛው ዓመት ይመጣሉ በሚለው ላይ ነው። አንድ ዓመት ቢዘገዩስ ብለን ሞከርነው። የሦስተኛው ዓመት ገቢ እዚያው 1.2 ሚሊዮን ላይ ይቆማል፣ 1.8 ሚሊዮኑ ወደ አራተኛው ዓመት ይገፋል። የትልቁ ኤንፒቪ ወደ 62,500 ብር ወረደ። አሁንም ከዜሮ በላይ ነው፤ ከትንሹ 294,367 ግን በጣም ያንሳል።

የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ማሽን ሻጩ ጋ አልሄደችም። የሆቴሎቹን ግዢ ክፍል ኃላፊዎች ለማነጋገር ነው የወጣችው።