የዱቤው ዕቃ ገባ፣ ዕዳውስ?

ፍኖተ ሰላም ያለው የእህቴ ሱቅ ሂሳብ አልገጥም ብሎ ነበር። ሀብቱ 104,000 ብር፣ ካፒታሉ 80,000 ብር፣ ዕዳው ባዶ። «ታዲያ 24,000ው ትርፍ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ልዩነቱን ይዤ ደረሰኞቹን አገላበጥኩ። ከአከፋፋይ በዱቤ የወሰደችው ዘይትና ስኳር ልክ 24,000 ብር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ደረሰኝ ጋር እንዲህ ቁርጥ ብሎ ሲገጥም፣ ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ተመዝግቧል ማለት ነው። እዚህም ዕቃው ክምችት ላይ ሰፍሯል፤ ዕዳው ግን የትም የለም። ስለዚህ በተከፋይ ሂሳብ አስገባሁት፦

ሀብት 104,000 = ዕዳ 24,000 + ካፒታል 80,000

ካፒታል ላይ ብንደምረውም ቁጥሩ ይገጥም ነበር። ያ ግን አደገኛ ነው፤ የአከፋፋዩን ገንዘብ የራሷ ያስመስለዋል። በዱቤ መግዛት ብቻውን ባለሱቅን አያበለጽግም፣ አያደኸይምም። ትርፍ የሚመጣው ዕቃው ሲሸጥ ነው።

በኋላ 10,000 ብር ከፈለች። ጥሬ ገንዘቡም ዕዳውም እኩል ቀነሱ፦

94,000 = 14,000 + 80,000

ይህን ክፍያ «ወጪ» ብላ እንዳትጽፈው አደራ አልኳት። እንደዚያ ከተጻፈ ዕዳው 24,000 ላይ ይቀራል፣ ካፒታሉ ወደ 70,000 ይወርዳል። ሚዛኑ ስለሚገጥም ደግሞ ስህተቱ የሚታወቀው ከአከፋፋዩ መዝገብ ጋር ሲተያይ ብቻ ነው።