ከብሊች በኋላ፦ ቶነር፣ ግሎስ ወይስ ግሌዝ?

ብሊች የተደረገ ፀጉር እንደተፈለገው ሳይሆን ሲቀር ብዙ ጊዜ «ቶነሩ አልያዘም» ይባላል፤ ከዚያም ሌላ ቶነር ይደረባል። ግን የጎደለው ነገር ሁልጊዜ ቶነር አይደለም። ቶነር በብሊች የተጋለጠውን የማይፈለግ ቀለም በተቃራኒው ቀለም ያጠፋል። ግሎስ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ከሚያሠራው ፈሳሽ፣ ማለትም ከደካማ ዴቨሎፐር ጋር ይቀላቀላል፤ አሲዳማ ስለሆነ የፀጉሩን ቅርፊት ሳያስከፍት ስስ ቀለምና ወዝ ይሰጣል። ግሌዝ ዴቨሎፐር የለውም፤ ፀጉሩን ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙም አይገባም። ካምፓኒዎች በማሸጊያ ላይ ሦስቱን ስሞች እያቀያየሩ ስለሚጽፉ፣ ከስሙ ይልቅ የአጠቃቀም መመሪያውን ተመልከቱ፤ ዴቨሎፐር ካልጠየቀ ግሌዝ ነው ብላችሁ አስቡት።

ምልክት፦ ቶነር ተቀብቶም ፀጉሩ ብርቱካናማ ነው

እኛ ዘንድ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ያለው ከቶነሩ በፊት ነው። በፀጉር ቤት መለኪያ 1 ጥቁር፣ 10 በጣም ነጣ ያለ ብሎንድ ነው። ጥቁር ፀጉር ብሊች ሲደረግ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከዚያ ቢጫ፣ መጨረሻ ላይ የሙዝ ልጣጭ የውስጥ ገጽ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል። ቶነር ያለውን ቀለም ያስተካክላል እንጂ ፀጉሩን ወደሚቀጥለው ደረጃ ከፍ አያደርገውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፀጉሯ ደረጃ 2 የሆነ ሴት አመድማ ብሎንድ ፈልጋ ብሊች ተደረገች እንበል። ሲታጠብ ፀጉሩ ደረጃ 7 ላይ፣ ማለትም ብርቱካናማ ሆኖ ቆሟል። የተቀባላት ግን ለደረጃ 10 የተዘጋጀ ሐምራዊ ቶነር ነው። ሐምራዊ የሚያጠፋው ቢጫን ነው፤ ብርቱካናማን የሚያጠፋው ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ያው ቶነር ሁለተኛ ቢደገምም፣ ደቂቃው ቢረዝምም ለውጥ አይኖርም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ እኔም የምመርጠው፣ ብሎንዱን ለጊዜው ትቶ ደረጃ 7 ወይም 6 የሆነ ሰማያዊ መሠረት ያለው ቶነር መቀባት ነው። ውጤቱ ረጋ ያለ ካራሜል ወይም ቀላል ቡናማ ይሆናል፤ ለጠይም ፊትም በጣም ያምራል። ሁለተኛው እንደገና ብሊች ማድረግ ነው፤ እሱም ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ፀጉሩም ከቻለ ብቻ። መቻሉን ለማወቅ አንድ እርጥብ ዘለላ በቀስታ ሳቡ። ተለጥጦ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ወይም ከተበጠሰ ብሊች አይታሰብ። ቶነርም ሆነ ግሎስ የተሰበረ ፀጉርን አይጠግኑም።

ምልክት፦ አረንጓዴ ወይም ጭቃማ ግራጫ ሆነ

ቢጫ ፀጉር ላይ ሰማያዊ የበዛበት አመድማ ቶነር ሲቀባ አረንጓዴ ይወጣል። ጫፉ ብቻ ከጠቆረ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ደጋግሞ ብሊች የነካው ጫፍ ቀለምን ከሥሩ ይልቅ በፍጥነት ይመጥጣል።

ጫፉ የጠቆረ እንደሆነ ቀለም በሚያነሣ ጠንካራ ሻምፑ አንድ ሁለቴ ማጠብ ብዙውን ያለሰልሰዋል። አረንጓዴው ካልለቀቀ ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ወደ መዳብ ያደላ ግሎስ ለአጭር ጊዜ ይቀባል፤ ቀዩ አረንጓዴውን ይሰብረዋል። ሌላ አመድማ ቶነር መደረብ ግን ነገሩን ያባብሰዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሥሩን አስቀድሙ፣ ጫፉን በመጨረሻው ደቂቃ ንኩት፤ በየ5 ደቂቃው አንድ ዘለላ ጠርጋችሁ ቀለሙን እዩ።

ምልክት፦ መጀመሪያ አምሮ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ቢጫ ተመለሰ

ይህ ስሕተት አይደለም። ቶነር በየእጥበቱ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ሙቅ ውኃና ተደጋጋሚ እጥበት ደግሞ ያፋጥኑታል። ደረጃው ትክክል ስለሆነ ብሊች አያስፈልግም፤ በየ4 እስከ 6 ሳምንት ግሎስ ማደስ ይበቃል። በመካከል በሳምንት አንዴ ሐምራዊ ሻምፑ ይረዳል፤ ብርቱካናማ ላይ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ምልክት፦ ቀለሙ ትክክል ነው፣ ፀጉሩ ግን ደረቅና ወዘ ቢስ ይመስላል

እዚህ ላይ ነው ግሌዝ ቦታውን የሚያገኘው። ብሊች የፀጉሩን ቅርፊት ስለሚያሻክር ብርሃን አያንጸባርቅም። ቀለም የሌለው ግሌዝ በታጠበ ፀጉር ላይ በመመሪያው ደቂቃ ልክ ተቀብቶ ሲታጠብ ወዝ ይመልሳል፤ ዕድሜው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ብርቱካናማን ለመሸፈን ግሌዝ ከገዛችሁ ብርቱካናማው እንዲያውም ይበልጥ ያበራል።

ከሦስቱ ማንኛውንም ቀለም ያለው ነገር ከመቀባታችሁ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ጥቂት ሞክሩ። ካሳከከ ወይም ካበጠ አትቀቡት። ብሊቹ ጭንቅላት ላይ ቁስል ትቶ ከሆነም ቁስሉ እስኪድን ቶነሩም ግሎሱም ይቆይ።